ከወለል አርማታ እስከ ቀለም፦ ባለሙያዎቹ እንዳይጋጩ ማንን መቼ ልጥራ?

የማርቆሷ
እንዴት ሰነበታችሁ። ደብረ ማርቆስ ላይ 9 በ10 ሜትር የሆነ ባለ ሦስት መኝታ የብሎኬት ቤት እየተሠራ ነው፤ ፎቅ የለውም። ቦታው ጥቁር አፈር ስለነበር ተቆፍሮ ወጥቶ በገረጋንቲ ተሞልቷል። ከሥሩ የድንጋይ ግንብ አለ፣ በላዩ ግሬድ ቢሙ ተሞልቶ ፎርሙ ባለፈው ሳምንት ተፈትቷል። ቀጥሎ የወለሉ አርማታ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ የመኝታ ቤቶቹ መስኮት ብረት፣ የሳሎኑ አሉሚኒየም እንዲሆን ታስቧል።

ችግሬ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ከሁሉም ጋር በእጅ ዋጋ ተስማምቻለሁ። ኤሌክትሪክ ሠሪው «ልስን ሲያልቅ ጥሩኝ» ይላል። ግንበኛው ደግሞ «ከልስን በኋላ ግድግዳዬን የሚፈለፍል ካለ አላስተካክልም» ይላል። ቧንቧ ሠሪው ጣሪያ ሳይለብስ አልመጣም አለ። እያንዳንዱ አንድ ጊዜ መጥቶ፣ ጨርሶ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ መሄድ ነው የሚፈልገው። ጣሪያው ከሰኔ በፊት መልበስ አለበት። ማንን በየትኛው ሰዓት ላስገባ?

ቶሎ በል
እህቴ ነገሩን አታወሳስቢው። ወለል፣ ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ ልስን፣ ኤሌክትሪክ፣ ቧንቧ፣ ሴራሚክ፣ ቀለም። አንዱ ሳይወጣ ሌላውን አታስገቢ። ሁለት ባለሙያ አንድ ቤት ውስጥ ካስገባሽ ጥፋቱን እርስ በርስ ሲወራወሩት አንቺ መሀል ላይ ትቀሪያለሽ። እርጥብ ሥራው ሁሉ አልቆ ደረቁ ይግባ፣ በቃ።

ፎርማን ጮቄ
ቶሎ በል፣ እርጥቡ ከደረቁ ይቅደም ያልከው ልክ ነው። ጣሪያ ከልስን በፊት ማድረግህም ልክ ነው። ኤሌክትሪክና ቧንቧን ከልስን በኋላ ማስቀመጥህ ግን ቤቱን ሁለት ጊዜ ያስለስናል።

እህቴ፣ ጠቡ የሚመጣው እያንዳንዱ ባለሙያ አንድ ጊዜ መጥቶ ይጨርሳል ተብሎ ስለታሰበ ነው። እንደ እርስዎ ባለ ቤት ኤሌክትሪክ ሠሪው ሦስት ጊዜ ይመጣል፤ ላይኛው ቢም ሳይሞላ፣ ግድግዳው ሳይለሰን፣ ከዚያ ልስኑ አልቆ ሽቦ ለመሳብና ማብሪያ ማጥፊያ ለመግጠም። ቧንቧ ሠሪውም ሦስት ጊዜ ነው፤ የወለሉ አርማታ ሳይፈስ፣ ከልስን በፊት፣ ከሴራሚክ በኋላ። አናጢው እንኳን ጣሪያ ከመሥራቱ በፊት አንድ ቀን ያስፈልጋል። ስለዚህ ስምምነቱን በምልልስ ይከፋፍሉት፤ ለእያንዳንዱ ምልልስ ድርሻ ይቁረጡለት፣ የመጨረሻውን ክፍያ ከመጨረሻው ምልልስ ጋር ያስሩት። አሁን «ጣሪያ ሳይለብስ አልመጣም» የሚለው ሰው ክፍያው በሦስት ከተከፈለ ነገ ጠዋት ይመጣል።

ሁለተኛው ነገር ይሄ ነው። አርማታ ሳይፈስ የተጠናቀቀው ወለል ከፍታ ይወሰን። የአርማታው ፊት ዜሮ ቢባል፣ በላዩ ሴራሚኩ የሚያርፍበት የሲሚንቶና አሸዋ ድልዳል 4 ሳንቲ፣ ሴራሚኩ ከነማጣበቂያው 1 ሳንቲ፣ በድምሩ 5 ሳንቲ ይሆናል። ግድግዳው ከተገነባ በኋላ ከአርማታው 105 ሳንቲ ላይ በውሃ ልክ ቱቦ አንድ መስመር በቤቱ ዙሪያ ይሳባል። ያ መስመር ካለቀለት ወለል አንድ ሜትር ከፍ ያለ ነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ማንም ከመሬት አይለካም። ሶኬት ከመስመሩ 70 ሳንቲ ዝቅ ይላል፣ ማብሪያ ማጥፊያ 20 ሳንቲ ከፍ ይላል፣ የ2.10 በር ራስ 110 ሳንቲ ከፍ ይላል፣ ሴራሚክ ሠሪው አንድ ሜትር ወደ ታች ለክቶ ይጀምራል። መስመሩ ከሌለ በር ገጣሚው ከአርማታው ይለካል፣ ኤሌክትሪክ ሠሪው ከፈሰሰ ሲሚንቶ ጉብታ ላይ ይለካል፣ መጨረሻ ላይ ሴራሚኩ ሲገባ በሩ አይከፈትም። ያኔ የበሩ እግር በግራይንደር ይቆረጣል፣ ወይም ሴራሚኩ ያለ በቂ ድልዳል ይለጠፍና ሲረገጥ «ኳ» የሚል ባዶ ድምፅ ያወጣል።

ውሃ ልክ
ጋሼ ጮቄ ስለ ቧንቧ የጀመሩትን ልቀጥል። የማርቆሷ፣ አሁን ያለሽበት ደረጃ ለእኛ ሥራ ዋናው ነው። ወለሉ ከፈሰሰ በኋላ ባለ 110 የሽንት ቤት ቱቦ ማስገባት አርማታ መስበር ነው። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፤ ግሬድ ቢሙ ሲሞላ ለቱቦ ማሳለፊያ ተትቶለት ነበር?

የማርቆሷ
አልተተወም። ግንበኛው «በኋላ እንበሳዋለን» ብሎ ነበር።

ውሃ ልክ
እንዳይበሳ። ቢም ሲበሳ መጀመሪያ የሚቆረጠው ፌሮው ነው፣ ጥቁር አፈር ላይ ደግሞ ያ ቢም የተሠራው አፈሩ ሲያብጥና ሲጨማተር ቤቱን አንድ ላይ እንዲይዝ ነው። ከቢሙ በታች የድንጋይ ግንብ አለሽ፤ ከዚያ አንድ ሁለት ድንጋይ ነቅሎ በዚያ ማውጣት ይቻላል። ቀዳዳው ውስጥ መጀመሪያ 160 ቱቦ ቁራጭ ይቀበራል፣ 110ሩ በሱ ውስጥ ያልፋል። በመሀላቸው ያለው ክፍተት የሚተወው ግንቡ ትንሽ ቢንቀሳቀስ ቱቦውን እንዳይቆርጠው ነው። ክፍተቱን በሲሚንቶ አትድፈኑት፤ ለአይጥ ከሰጋችሁ በጆንያ ቁራጭ ይጠቅጠቅ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። ገረጋንቲው ከ20 ሳንቲ ባልበለጠ ድርብርብ ውሃ እየተረጨ ተጠቅጥቆ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ብቻ ለቱቦው ቦይ ይቆፈራል። ቱቦ ቀድሞ ተቀብሮ በላዩ ከተጠቀጠቀ መገጣጠሚያው ይላቀቃል። 110ሩ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ያዘቀዝቃል፣ የመታጠቢያው 50ም እንደዚያው። ቱቦው በአሸዋ ይከበባል፤ የወለል ድንጋዩ በቀጥታ ከተደገፈበት በጊዜ ብዛት ይሰብረዋል። ከዚያ የታችኛው አፍ ተደፍኖ ቱቦው በውሃ ይሞላና ሌሊቱን ያድራል። ጠዋት ውሃው ከወረደ አርማታ አይፈስም። የወለል አርማታ 90 ካሬ በ10 ሳንቲ ወደ 9 ሜትር ኩብ ነው፤ በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሒሳብ 32 ኩንታል ሲሚንቶ ገደማ ይጠጣል። ከዚያ ሁሉ ሲሚንቶ ሥር የሚያፈስ ቱቦ መቅበር አይገባም።

አንድ ነገር ዛሬ አድርጊ፤ የሽንት ቤቱን መቀመጫ ምረጪ፣ ባትገዢውም ለኪው። አንዳንዱ ወደ ወለል ይወርዳል፣ አንዳንዱ ወደ ኋላ ግድግዳ ይወጣል። ወለል የሚወርደው ከግድግዳ እስከ ቱቦው መሀል የሚፈልገው ርቀት ከመቀመጫ መቀመጫ ይለያያል።

ዳንግላ ሰፈር
እኛ ጋ አፈሩ ቀይ ነው፣ ይሄ ሁሉ ገረጋንቲ አያስፈልገንም። የኔ ጥያቄ፦ የጭቃ ቤት ምርጊት ከጣሪያ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ሰው ጣሪያ ከሌለ ጭቃው ቶሎ ይደርቃል ይለኛል።

ፎርማን ጮቄ
ዳንግላ፣ የተነሣው የብሎኬት ቤት ነው፤ ቢሆንም ያንተ አጭር ነው። በእንጨት ቤት ጣሪያው ይቀድማል። ማገሩ ከተመታ በኋላ ቆርቆሮው ክብደቱን ሲጥልበት እንጨቱ ትንሽ ይቀመጣል፤ ምርጊቱ ቀድሞ ከነበረ በየቋሚው ሥር ይሰነጠቃል። ጭቃው ቶሎ መድረቁም ጥቅም የለውም፣ ፀሐይ ያገኘው ምርጊት የበለጠ ይተረተራል።

ሽቦ ሳቢው
«ልስን ሲያልቅ ጥሩኝ» የሚለውን ሰው ለምን እንደሚል አውቀዋለሁ፤ ልስን ሲያልቅ ግድግዳው የት እንደሚቆም ይታያል፣ ስካቶላው ከግድግዳው ፊት ጋር እኩል ይገባለታል። ችግሩ እውነተኛ ነው፣ መፍትሔው ግን ከልስን በኋላ መፈልፈል አይደለም።

መፍትሔው ግንበኛው አንድ ቀን ቀድሞ እንዲመጣ ነው። ልስኑ የሚደርስበትን የሚያሳዩ የሲሚንቶ ነጥቦች በየግድግዳው በቱንቢና በሲባጎ አስተካክሎ ያስቀምጣል፤ ለማንኛውም ለራሱ ስታጂያ መንጃ የሚሠራው ነው፣ እኛ የምንለው ከፍልፈላው በፊት ይሥራው ብቻ ነው። ነጥቡ በደረቀ ማግስት እኔ ገብቼ በግራይንደር ሁለት መስመር ቆርጬ በመሀል እፈለፍላለሁ፣ ስካቶላውን ከነጥቡ ጋር እኩል አስቀምጣለሁ። በመዶሻ ብቻ የሚፈለፍል ሰው ብሎኬቱን ውስጥ ድረስ ይነቅለዋል። ፍልፈላው ሁልጊዜ ቁልቁል ይሁን፤ አግድም ረጅም ፍልፈላ ግድግዳውን በወገቡ መቁረጥ ነው፣ ከሶኬት ሶኬት መሄድ ካስፈለገ ወደ ላይ ወጥቶ በኮርኒስ በላይ ይዙር።

እዚህ ላይ ነው የመጀመሪያው ምልልስ የሚመጣው። ቱቦው ወደ ኮርኒስ የሚወጣው ላይኛውን ቢም አልፎ ነው። ቢሙ ከመሞላቱ በፊት ኤሌክትሪክ ሠሪው መጥቶ በየግድግዳው ሽቦ በሚወርድበት ቦታ ቁራጭ ቱቦ በፌሮው መሀል አቁሞ አፉን በወረቀት ይድፈን። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ካልተደረገ ቢሙ ተፈልፍሎ በፊቱ ላይ ቱቦ ይለጠፍበታል፣ ከዚያ ልስኑ እዚያ ቦታ ላይ ስስ ሆኖ ቱቦውን ተከትሎ ይሰነጠቃል። ቤት ውስጥ ከማብሪያ ማጥፊያ ቀጥ ብሎ ወደ ኮርኒስ የሚሄድ ስንጥቅ ካያችሁ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይሄ ነው።

ሽቦው ግን ከልስን በፊት አይሳብ። ቱቦው ውስጥ መሳቢያ ሽቦ ብቻ ትቶ መሄድ ነው። የተሳበ ሽቦ በልስን ሰዓት ይቆረጣል፣ በእርጥበት ይበላሻል፣ አንዳንዴም ማታ ይጠፋል።

ደግሞ የእንጀራ ምጣዱ የት እንደሚሆን አሁን ይወሰን። 3.5 ኪሎ ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይጠጣል፤ ከሌላ ሶኬት ጋር ሊጋራ አይገባም። ለብቻው ከቦርዱ 4 ካሬ ሽቦ፣ ለብቻው ብሬከር። ሽቦው ወፍራም ስለሆነ ቱቦውም ይሰፋል፣ በኋላ ትዝ ሲል ያለው ቱቦ አያሳልፈውም።

ቶሎ በል
እሺ ኤሌክትሪኩን ተቀበልኩ። ግን ጣሪያው ከሰኔ በፊት ካስፈለገ ለምን ግድግዳ ይጠበቃል? ኮለኑና ላይኛው ቢም ይሞላ፣ ጣሪያ ይልበስ፣ ብሎኬቱ ከጣሪያ ሥር በዝናብ ይገንባ።

ፎርማን ጮቄ
ይሠራል፣ ግን ዋጋውን እይ። ግድግዳው ቀድሞ ከተገነባ የቢሙ የታች ፎርም ራሱ ግድግዳው ነው፤ የላይኛውን ረድፍ ብሎኬት ቀዳዳ ደፍኖ በሁለት ጎን ጣውላ ማቆም ብቻ ነው። በር አናት ላይ ብቻ ድጋፍ ይገባል። ግድግዳው ከሌለ በቢሙ ሁሉ ሥር የታች ጣውላና በየ60 እና 70 ሳንቲው ባሕር ዛፍ ድጋፍ ያስፈልጋል፣ እሱም ቢሙ እስኪጠነክር ሁለት ሦስት ሳምንት አይነካም። ከዚያ ብሎኬቱ ከቢሙ ሥር ሲገባ የመጨረሻው ረድፍ በደንብ አይሞላም፤ ልስኑ ያን መስመር ተከትሎ ይከፈታል። ጊዜ ካለ ግድግዳ ይቅደም። እንደሚመስለኝ አሁን ታኅሣሥ ስለሆነ ጊዜ አለ።

ቶሎ በል
ጊዜ አለ ትላለህ፤ 12፣ 21፣ 27፣ 29 ግንበኛው አይሠራም፣ ጥምቀት አለ፣ ፋሲካ አለ። ከወሩ የሚሠራበት ሃያ ቀን ቢሆን ነው። እኔ አሁንም ጣሪያ ይቅደም ባይ ነኝ። ጣውላው ይከራያል፣ ክረምት ግን አይከራይም።

ፎርማን ጮቄ
በዓላቱን መቁጠርህ ተገቢ ነው። አርማታ የሚፈስበትን ቀን ስትመርጡም አስቡት፤ ቅዳሜ የፈሰሰ ወለል እሑድ ውሃ የሚያጠጣው ሰው ካላገኘ ሰኞ ጸጉር ስንጥቅ አውጥቶ ይጠብቃል። ቢያንስ ሰባት ቀን ሳይደርቅ መቆየት አለበት። በተረፈ ጣሪያ ይቅደም ግድግዳ በሚለው አንስማማም፣ ባለቤቷ የጣውላ ዋጋ ጠይቃ ትወስን።

በየትኛውም መንገድ ቢሄዱ አናጢው ቢሙ ሳይሞላ አንድ ቀን ይምጣ ያልኩት ለዚህ ነው። የጣሪያው ትራስ የሚያርፍባቸውን ቦታዎች በፎርሙ ላይ ምልክት ያደርጋል፣ በየምልክቱ ባለ 8 ፌሮ በሁለት ጫፉ ወደ ላይ ወጥቶ ከቢሙ ጋር ይሞላል። ትራሱ በዚያ ይታሰራል። አናጢው ካልመጣ ግንበኛው በግምት ያስቀምጠዋል፤ ፌሮው ትራሱ ከሚያርፍበት 30 ሳንቲ ርቆ ይወጣና ታጥፎ ይቀራል፣ ትራሱ በምስማር ብቻ ይያዛል። በሚያዝያ ነፋስ ቆርቆሮ ከነትራሱ የሚነሣው እንዲህ የታሰረ ቤት ላይ ነው።

የማርቆሷ
እግዜር ይስጥልኝ። የሽንት ቤት መቀመጫውን አይቼ ለካሁ፤ ወደ ወለል የሚወርድ ነው፣ ከግድግዳ እስከ ቱቦው መሀል 20 ሳንቲ ይላል። ቧንቧ ሠሪው 20 ለክቶ ምልክት አድርጓል። በግሬድ ቢሙ ላይ ብሎኬቱ የሚያርፍበትን መስመር ተከትሎ ነው የለካው። ትክክል ነው?

ውሃ ልክ
አይደለም፣ እንኳን ጠየቅሽ። 20ው ካለቀለት ግድግዳ ነው። ብሎኬቱ ላይ ልስን 2 ሳንቲ፣ የግድግዳ ሴራሚክ ከነማጣበቂያው 1 ሳንቲ ይጨመራል። ስለዚህ ከብሎኬቱ ፊት 23 ይለካ። በ20 ከተቀበረ በመጨረሻ 17 ይቀራል፤ መቀመጫው የውሃ ማጠራቀሚያው ግድግዳ ነክቶ አፉ ቱቦው ላይ አይደርስም። ቱቦው ደግሞ አርማታ ውስጥ ነው።

በሁለተኛው ምልልስም ያው ሒሳብ ይመጣል። የሻወር ቧንቧው ሁለቱ አፎች ከብሎኬቱ 3 ሳንቲ ወጥተው ከሴራሚኩ ፊት ጋር እኩል መሆን አለባቸው፣ በመሀላቸው 15 ሳንቲ፣ በውሃ ልክ እኩል። ወደ ውስጥ ከገቡ ማራዘሚያ ይጨመርባቸዋል፣ ማራዘሚያ ደግሞ ማፍሰሻ ነው። ወደ ውጭ ከወጡ ክቡ መሸፈኛ ግድግዳውን አይነካም። ልስን ሠሪው ያቆመው ነጥብ እዚህም ይጠቅመናል።

የፒፒአር የውሃ ቧንቧው ከተገጠመ በኋላ በእጅ ፓምፕ እስከ 10 ባር ተሞልቶ መርፌው ሳይወርድ ሁለት ሰዓት መቆየት አለበት። ከዚያ ውሃውን አታውጡት፤ ግፊቱን ቀንሳችሁ ከነመለኪያው ልስን እስኪያልቅ ተዉት። ልስን ሠሪው ወይም ኤሌክትሪክ ሠሪው ቱቦ ከበሳ መርፌው በዚያው ቀን ይወርዳል። ማን እንደበሳው ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም።

የሽንት ጉድጓዱን ደግሞ አትርሱ። ቱቦው ከቤቱ ሲወጣ ካለቀለት ወለል 60 ሳንቲ ዝቅ ብሎ ከሆነ፣ ጉድጓዱ 12 ሜትር ቢርቅ 24 ሳንቲ ይጨመራል፤ የጉድጓዱ አፍ 84 ሳንቲ ላይ ይገኛል። ስለዚህ ጥልቀቱ ከቱቦው በኋላ ነው የሚታወቀው፣ ቁፋሮው ግን ከሰኔ በፊት ማለቅ አለበት። ጥቁር አፈር በክረምት ጎኑን አይዝም። የወጣው አፈርም ወደ ቤቱ ዙሪያ መሙያ እንዳይመለስ፤ ዝናብ ሲጠጣ አብጦ ግድግዳውን ይገፋል።

ንጣፍ
እናንተ ሁላችሁ የእኛን ሥራ የመጨረሻ አድርጋችሁታል። ሴራሚክ መጨረሻ አይደለም። ከኮርኒስ በኋላ፣ ከበር መዝጊያና ከኩሽና ቁም ሳጥን በፊት ነው። ኮርኒስ ሠሪው መሰላል፣ ሞራሌና መዶሻ ይዞ ይገባል፤ አንድ መዶሻ ከወደቀ ሴራሚኩ ይሰነጠቃል፣ የዚያን ዕጣ ሴራሚክ ደግሞ ከወር በኋላ ገበያ ላይ አታገኙትም፣ ቀለሙ ይለያል። ከመጀመሪያው ከልኩ 10 በመቶ ትርፍ ይገዛ።

በባኞ ቤት ግድግዳው ከወለሉ ይቀድማል፣ ግን የመጀመሪያው የታች ረድፍ ይቀራል። ከአንድ ሜትሩ መስመር ወርዶ ቀጥ ያለ ጣውላ ይመታና ከሁለተኛው ረድፍ ወደ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ወለሉ ወደ ማፍሰሻው በየሜትሩ 2 ሳንቲ እያዘቀዘቀ ይሠራል፣ መጨረሻ ላይ የታችኛው ረድፍ ወለሉን ተከትሎ ተቆርጦ ይገባል። እንዲህ ከሆነ ግድግዳው ላይ የወረደ ውሃ ወለሉ ላይ ይወድቃል፣ ከሥሩ አይገባም። የባኞ ቤቱ ወለል በር ላይ ከኮሪደሩ 2 ሳንቲ ዝቅ ይበል፤ ይህ ከአርማታው ጀምሮ ካልታሰበ ድልዳሉ ስስ ሆኖ ይቀራል።

የቀለሙን ነገር በተመለከተ፣ ስቱኮውና የመጀመሪያው ቅብ ከእኛ በፊት፣ ዞኮሎው ከእኛ ጋር፣ የመጨረሻው ቅብ ከእኛ በኋላ።

ፎርማን ጮቄ
ሁሉንም ቅብ ከሴራሚክ በፊት የሚጨርሱ አሉ፣ ወለሉ እንዳይበላሽ ብለው። እኔ ንጣፍ ባለው እስማማለሁ፤ ዞኮሎ ሲገባ ግድግዳው ይቆሽሻልና።

ሽቦ ሳቢው
እኔ አልስማማም። የመጨረሻ ቅብ ከሴራሚክ በኋላ ከሆነ ቀለም ቀቢው ሴራሚኩን በሚገባ አይሸፍንም፣ ከመጋጠሚያው ቀለም አይወጣም። ሁለቱም ቅብ ይቅደም፣ ዞኮሎ ካቆሸሸ እዚያው ቦታ ላይ ይነካካ።

ንጣፍ
የተነካካ ቅብ በጎን ብርሃን ይታያል ወንድሜ። ሳሎን ላይ በተለይ።

የማርቆሷ
መስኮቶቹስ? ብረት ሠሪው አሁን ልለካ እያለኝ ነው፣ አሉሚኒየም ሠሪው ደግሞ ልስን ሳይደርቅ አልመጣም አለኝ። ማን ነው ልክ?

ፎርማን ጮቄ
በቅደም ተከተሉ ሁለቱም ልክ ናቸው። የብረት መስኮት ከነእግሩ ብሎኬቱ ውስጥ ይገባል፣ ልስኑ ፍሬሙን ይዞ ያልቃል፤ ስለዚህ ከልስን በፊት። ፀረ ዝገት ተቀብቶ ይምጣ፣ ባዶ ብረት በእርጥበት ይዝጋልና። አሉሚኒየም ግን እርጥብ ሲሚንቶ ከነካው ገጹ ይቆሽሻል፣ አይለቅም። ስለዚህ ክፍተቱ ተለስኖ፣ ደርቆ፣ ከዚያ ተለክቶ ይመጣል። ብረት ሠሪው ግን አሁን አይለካም፤ ግድግዳ ገና የለም፣ በወረቀት ላይ ያለ ክፍተትና የተገነባ ክፍተት 2 እና 3 ሳንቲ ይለያያሉ።

ልስን ሲጀመር ኮለንና ብሎኬት በሚገናኙበት መስመር 20 ሳንቲ ስፋት ያለው የዶሮ ሽቦ ይመታበት። አርማታና ብሎኬት እኩል አይጨማተሩም። የውስጡ ልስን ከጣሪያ በኋላ ይጀመር፤ የውጩ ከክረምት በፊት ከደረሰ ይደርሳል፣ ካልደረሰ ለጥቅምት ይቆይ።

ቶሎ በል
የውስጡ ልስን በግንቦት ካለቀ ቀለሙን በሐምሌ መቀባት ይቻላል፣ ጣሪያ አለ።

ሽቦ ሳቢው
ጣሪያ ኖረም አልኖረም የማርቆስ ሐምሌ ግድግዳ አያደርቅም።

ፎርማን ጮቄ
በግምት አትከራከሩ፣ ግድግዳውን ጠይቁት። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ አራቱ ጠርዙ በፕላስተር ታሽጎ ግድግዳው ላይ ይለጠፍና ይደር። ጠዋት ከውስጥ ጤዛ ካለው ስቱኮ አይገባም። ከገባ እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ቀለሙን ይዞት ይነሣል፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ። ቺፕውድ ኮርኒስም እንደዚሁ ነው፤ እርጥብ ልስን ባለበት ቤት ከተመታ ሰሌዳው ውሃ ጠጥቶ በመሀሉ ይጎብጣል፣ ከደረቀ በኋላም አይመለስም። ስለዚህ ክረምቱን ሽቦ ለመሳብ፣ ከኮርኒስ በላይ ያለውን የመብራት መስመር ለመጨረስ፣ በርና ቁም ሳጥን አናጢ ቤት ለማሠራት ይጠቀሙበት። እነዚህ ግድግዳ መድረቁን አይጠብቁም።

የማርቆሷ
ቱቦው ወደ 23 ተመልሷል፣ ነገ ውሃ ተሞልቶ ያድራል። ኤሌክትሪክ ሠሪው በሦስት ምልልስ ተስማማ፣ ለላይኛው ቢም ግማሽ ቀን ለየብቻ ጠይቋል። ግንበኛው ግን ነጥቡን ቀድሞ ለማቆም ተጨማሪ ክፍያ ይፈልጋል፤ ከልስኑ ዋጋ ውስጥ ነው አይደለም?

ሽቦ ሳቢው
ሥራው ያው ነው፣ ቀኑ ነው የተቀየረው። ግን ለአንድ ቀን ብቻ መጥቶ ከተመለሰ የዚያን ቀን የረዳት ሒሳብ ቢጠይቅ አልፈርድበትም።

ንጣፍ
የረዳቱን ስጪው። የ1 ሜትሩን መስመርም በዚያው ቀን አብሮ ይሳብ በይው፣ ሲባጎውን እንደያዘ ነውና።